የዕርዳታና የውትድርና ልምድ በሥራ ማስታወቂያ ቋንቋ

ለአንድ የሥራ መደብ የሚገባው ማመልከቻ ብዙ ስለሆነ የሰው ኃይል ክፍል የመጀመሪያ ሥራ መቀነስ ነው። አጣሪው የማስታወቂያውን ተፈላጊ ችሎታ ከፊቱ አስቀምጦ የእያንዳንዱን አመልካች ሲቪና ማስረጃ ከዚያ ጋር ያመሳክራል። የትምህርት ደረጃና የአገልግሎት ዓመት በቁጥር የሚለኩ ስለሆኑ ብዙም አያከራክሩም። ክርክር ያለው "አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ" የምትለዋ መስመር ላይ ነው። በዕርዳታ ድርጅት ወይም በሠራዊት ውስጥ ለዓመታት የሠራ ሰው ማመልከቻም ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው እዚችው ላይ ነው። ሰውየው ሥራውን አያውቅም ማለት አይደለም፤ አጣሪው በወረቀቱ ላይ ያነበበውን ከያዘው ዝርዝር ጋር ማገናኘት ስላልቻለ ነው።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ውስጥ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በአብዛኛው አገደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ደግሞ ዩኤስኤአይዲ ራሱን ችሎ መሥራቱን አቆመ። በዚህ ገንዘብ ይንቀሳቀሱ በነበሩ ፕሮጀክቶች ውስጥ የሠሩ መጋዘን ጠባቂዎች፣ የስምሪት ሠራተኞች፣ የመስክ ተቆጣጣሪዎችና ነርሶች ከዚያ በኋላ ሥራ የሚፈልጉት ከግል ኩባንያና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነ። ብዙዎቹ ከአንድ የዕርዳታ ድርጅት ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ የኖሩ ስለሆኑ ሲቪያቸው የተጻፈው እርስ በርስ በሚግባቡበት የመስክ ቋንቋ ነው። ያ ቋንቋ በዕርዳታው ዓለም ውስጥ ሥራውን በአጭሩ ይገልጻል፤ ከዚያ ሲወጣ ግን ሥራውን ይሸፍነዋል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይቻላል። ኮምቦልቻ ላይ በአንድ የዕርዳታ ድርጅት ዋና መጋዘን ለአራት ዓመት "ኮሞዲቲ ኦፊሰር" ሆኖ የሠራ ሰው ይታሰብ። ሲቪው ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦ "በሃብ ደረጃ የኮሞዲቲ ሪሲቭና ዲስፓች ማስተባበር፤ በአሎኬሽኑ መሠረት ራሽን ለኤፍዲፒዎች መድረሱን መከታተል፤ የፒዲኤም ሪፖርት ማዘጋጀት፤ ከወረዳ አደጋ ሥጋት ጽሕፈት ቤት ጋር በቅንጅት መሥራት።" ይህ ሰው ያመለከተው ቃሊቲ የሚገኝ አንድ የምግብ ሸቀጥ አስመጪና አከፋፋይ ለሚፈልገው የመጋዘንና ስርጭት ሱፐርቫይዘር መደብ ነው። ማስታወቂያው የሚጠይቀው በሎጂስቲክስ፣ በማኔጅመንት ወይም በተዛማጅ ሙያ ዲግሪና አራት ዓመት አግባብነት ያለው ልምድ ነው፤ ዝርዝሩም የክምችት ቁጥጥር፣ የገቢና ወጪ ዕቃ ምዝገባ፣ የጭነት መኪና ስምሪት፣ የቆጠራ ልዩነት ማስታረቅ፣ በኢአርፒ ሶፍትዌር መሥራትና የመጋዘን ሠራተኞችን መምራት ይላል።

ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ሁለቱ ወረቀቶች ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ። ኤፍዲፒ ማለት እህሉ በመጨረሻ ለሕዝብ የሚታደልበት ጣቢያ እንደሆነ፣ ፒዲኤም ደግሞ ከዕደላው በኋላ የሚደረግ የቤት ለቤት ማጣሪያ መሆኑን በዘርፉ የሠራ ሁሉ ያውቃል። የቃሊቲው ኩባንያ የሰው ኃይል ሠራተኛ ግን "ራሽን"፣ "ወረዳ"፣ "አደጋ ሥጋት" የሚሉትን ሲያነብ ወደ አእምሮው የሚመጣው የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ነው። ክምችት የሚል ቃል ፈልጎ አጣ፤ ስምሪት ፈልጎ አጣ፤ ቆጠራም የለም። በፊቱ ገና ያልታየ የወረቀት ክምር ስላለ ይህኛውን "ልምዱ አይገናኝም" ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል። አጣሪውን መውቀስ አይገባም። የተሰጠው ሥራ ማመሳከር ነው፤ በአመልካቹ ቦታ ሆኖ መተርጎም የእሱ ድርሻ አይደለም።

ሲቪውን ለማስተካከል መጀመሪያ ከወረቀቱ ወጥቶ ወደ መጋዘኑ መመለስ ያስፈልጋል። እዚያ በእጅ የተሠራው ሥራ ምን ነበር? ከጅቡቲ የተነሣ ተሳቢ በሩ ላይ ሲደርስ የመጋዘን ኃላፊው ዌይቢሉን ይቀበላል፤ የተጻፈውን የጆንያ ብዛት ከሚወርደው ጋር እያስቆጠረ ያመሳክራል። የተቀደደውና የረጠበው ለብቻ ይቀመጣል፣ እንደገና ይመዘናል፤ ጉድለት ካለ በዌይቢሉ ላይ ተጽፎ ሾፌሩ ይፈርምበታል። ጆንያው በፓሌት ላይ በእኩል ረድፍ ይደረደራል፤ እያንዳንዱ ረድፍ ስንት ጆንያ እንደሚይዝ ስለሚታወቅ ክምሩን በዓይን መቁጠር ይቻላል። በክምሩና በግድግዳው መካከል ሰው ዞሮ የሚያይበት አንድ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። ነቀዝ ሲታይ መድኃኒት ይታጠናል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል፤ ዘይት ከሆነ ደግሞ የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያበቃው ይቀድማል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በቢን ካርድ ላይ ይሰፍራል፤ በወሩ መጨረሻ ክምሩ ተቆጥሮ ከካርዱ ጋር ይታረቃል።

ከዚህ ውስጥ የዕርዳታ ብቻ የሆነ አንድም ድርጊት የለም። የቃሊቲው አስመጪ ፓስታና ዘይት ሲያስገባ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ያው ሥራ ሞዴል 19 ቆርጦ መረከብ፣ በሞዴል 22 ወጪ ማድረግ ይባላል። ስለዚህ የማስተካከሉ ሥራ የሚጀምረው የዘርፉን ስያሜ አንሥቶ ድርጊቱን በማስቀመጥ ነው። "ሪሲቭና ዲስፓች ማስተባበር" የሚለው "የገቢና ወጪ ዕቃ መረከብ፣ መመዝገብና በወር መጨረሻ ቆጠራ ከቢን ካርድ ጋር ማስታረቅ" ሲሆን አጣሪው ከዝርዝሩ ውስጥ ሦስት ነጥብ ምልክት ያደርጋል። ማስታወቂያው "ኢንቬንተሪ" ካለ "ኢንቬንተሪ"፣ "ክምችት" ካለ "ክምችት" ብሎ መጻፍ ነው። ማመልከቻ በኢንተርኔት ተቀብለው በቃል ፍለጋ የሚያጣሩ ድርጅቶች ስላሉ ይህ ጥቃቅን የሚመስል ጥንቃቄ ዋጋ አለው። ሲቪው በእንግሊዝኛም ቢጻፍ ደንቡ አይለወጥም።

ድርጊቱ ከታወቀ በኋላ የሚከተለው መጠኑ ነው፤ የመስክ ሠራተኞች በብዛት የሚበደሉትም እዚህ ላይ ነው። "ለ60,000 ተረጂዎች ራሽን ማድረስ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ለኩባንያ ሰው የሚነግረው ነገር የለም፤ ቁጥሩ የሰው እንጂ የዕቃ አይደለምና። በኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታ ሙሉ የሚባለው የአንድ ሰው የወር ቀለብ 15 ኪሎ ግራም እህል፣ 1.5 ኪሎ ግራም ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ግራም ዘይት ነው፤ ድምሩ 16.95 ኪሎ ግራም። ይህ በ60,000 ሰው ሲባዛ 1,017 ቶን፣ ወይም 10,170 ኩንታል ይሆናል። እህሉ ብቻ 900 ቶን ስለሆነ በ50 ኪሎ ጆንያ ሲታሰብ 18,000 ጆንያ ነው። ለማጓጓዝ 400 ኩንታል የሚጭኑ 26 ተሳቢዎች ያስፈልጋሉ። ኃላፊው በዓመት ስድስት ዙር ካወጣ ከእጁ ያለፈው ከ6,100 ቶን በላይ ነው። ይህን ቁጥር ሲያይ የአስመጪው የመጋዘን ሥራ አስኪያጅ በሲቪው ላይ ያለውን ሰው ከራሱ መጋዘን ጋር ማነጻጸር ይጀምራል። ኩንታልና ተሳቢ የሁለቱም ቋንቋ ነው።

ከመጠኑ አጠገብ ውጤት ሲቀመጥ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። በመጋዘን ሥራ ከሁሉ በላይ የሚናገረው ቁጥር የጉድለት መጠን ነው። በዓመት 6,102 ቶን ወጥቶ የተቀደደ፣ የተበላሸና የጎደለ ተብሎ የተመዘገበው 9.2 ቶን ከሆነ ጉድለቱ 0.15 በመቶ ነው። የዕርዳታ ድርጅት ይህን ቁጥር ለለጋሽ ሪፖርት ለማድረግ ስለሚያሰላው በሠራተኛው እጅ ይገኛል፤ ሲቪ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ሠራተኛው ለለጋሽ የሚጻፍ ሪፖርት እንጂ የራሱ ሥራ መለኪያ አድርጎ ስለማያስበው ነው። ለንግድ ድርጅት ግን የጠፋ ጆንያ ማለት የጠፋ ገንዘብ ስለሆነ ከሲቪው ገጽ ሁሉ ጎልቶ መታየት ያለበት ይህ መስመር ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር ከሥራ ከመልቀቅ በፊት መያዝ አለበት። የድርጅቱ ሰነድ የድርጅቱ ነው፤ የተረጂዎችን ስም ዝርዝር ይዞ መውጣት ደግሞ ያንን ሕዝብ ለአደጋ ማጋለጥ ስለሆነ በምንም ምክንያት አይደረግም። ሠራተኛው ለራሱ ሊጽፍ የሚገባው ድምሩን ብቻ ነው፦ በዓመት ስንት ቶን ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ጎደለ፣ በሥሩ ስንት ሰው ነበር፣ ስንት መጋዘን ይቆጣጠር ነበር። ትክክለኛውን ያላስታወሰ ሰው "በግምት" ብሎ ዝቅ ያለውን ቁጥር ቢጽፍ ይሻላል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ስሌቱን ሠርተህ አሳይ ቢባል ማሳየት አለበትና።

የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር ስምም እንዲሁ መፈታት ያለበት ነገር ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእህል እንቅስቃሴውን የሚከታተልበት LESS የተባለ ሥርዓት ከዘርፉ ውጭ ማንም አያውቀውም። ሥርዓቱ የተገነባው ግን ትልልቅ ኩባንያዎች በሚጠቀሙበት SAP ላይ ነው። በእሱ የሠራ ሰው "LESS (በSAP ላይ የተመሠረተ የክምችትና ጭነት መከታተያ)" ብሎ ሲጽፍ ማስታወቂያው "ኢአርፒ" የሚለውን ነጥብ በእውነት አሟልቷል። በኤክሴል ብቻ የሠራ ሰው ግን ኤክሴል ብሎ ይጽፋል። በኤክሴል የቢን ካርድ ሚዛን ሠርቶ ልዩነት ማውጣት መቻሉን ቢገልጽ ያልነካውን ሶፍትዌር ከመጥራት የበለጠ ይጠቅመዋል።

ከድርጊትና ከመጠን ቀጥሎ ያለው ውሳኔ ነው። የመስክ ሠራተኛ ሲቪ ውስጥ "በአስቸጋሪ ሁኔታና በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል" የሚል ሐረግ አይጠፋም፤ የማንም ሲቪ ውስጥ ስላለ ግን አጣሪው ዘሎት ያልፋል። በሐረጉ ሥር የተቀበረው እውነተኛ ሥራ መውጣት አለበት። ለምሳሌ በጋምቤላ ክረምት ሲገባ ጎርፍ መንገድ ስለሚዘጋ እህል ከዝናቡ በፊት ወደ ሩቅ ጣቢያዎች ተጉዞ መከማቸት አለበት። ይህን የሠራ ሰው የእያንዳንዱን ጣቢያ የወራት ፍጆታ አስቀድሞ አስልቷል፣ የመጋዘኑን የመያዝ አቅም አይቷል፣ ተሽከርካሪ በቀን ከፋፍሎ መድቧል። በኩባንያ ቋንቋ ይህ የፍላጎት ትንበያና የቅድመ ክምችት ዕቅድ ይባላል። "መንገድ ለሦስት ወር ለሚዘጋባቸው አራት ጣቢያዎች የፍጆታ ትንበያ ሠርቶ ክምችቱን ከክረምት በፊት አስገብቷል" የሚል መስመር ስለ ጫናና ስለ አስቸጋሪ ሁኔታ ምንም ሳይል ሁለቱንም ያሳያል።

ሌላው ብዙዎች ሊጽፉት የሚፈሩት ልምድ ከ2023ቱ የዕርዳታ መቋረጥ ጋር የተያያዘው ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ለታለመለት ሕዝብ ሳይደርስ ወደ ሌላ ቦታ እየሄደ ነው ብለው በመላው ኢትዮጵያ ዕደላ አቁመው ነበር፤ በኋላ ሲጀምሩ ምዝገባው፣ የተረጂ ማረጋገጫውና የእህል ክትትሉ ጥብቅ ተደርጎ ነው። በዚያ ዳግም አጀማመር ላይ የሠራ ሰው ዝርዝር ከሰው ጋር አመሳክሯል፣ ጭነትን ከመነሻ እስከ መድረሻ ተከታትሏል፣ ፊርማና ቆጠራ የማይገናኝበትን ቦታ ለይቶ ሪፖርት አድርጓል። ባንክ፣ ኢንሹራንስና ትልልቅ አከፋፋዮች ይህን የውስጥ ቁጥጥር ይሉታል፤ ለዚህም ሰው ይፈልጋሉ። ዘመኑ ደስ የማይል ስለነበረ ብቻ ልምዱን መደበቅ ኪሳራ ነው።

እንግዲህ የኮምቦልቻው ሰው ሲቪ ሲስተካከል እንዲህ ይነበባል፦ "ኮሞዲቲ ኦፊሰር፣ የዋና መጋዘንና የጭነት ስምሪት ኃላፊነት። በዓመት ከ6,100 ቶን በላይ እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ተረክቦ፣ መዝግቦና አስወጥቶ ጉድለቱን በ0.15 በመቶ ይዟል። በአንድ ዙር እስከ 26 ተሳቢ ስምሪት አቀናጅቷል፤ የዌይቢል ልዩነቶችን ከአጓጓዦች ጋር አስታርቋል። በወር አንድ ጊዜ ሙሉ ቆጠራ አካሂዶ ከቢን ካርድና ከኤክሴል መዝገብ ጋር አገናኝቷል። ስምንት የመጋዘን ሠራተኞችንና የቀን ጫኝና አውራጆችን መርቷል።" ተረጂና ወረዳ የሚሉት ቃላት አልተሰረዙም፤ ስለ ድርጅቱ በሚገልጸው አጭር መስመር ውስጥ ገብተዋል። ለአጣሪው የቀረበው ሥራ ግን ማስታወቂያው የጠየቀው ሥራ ነው።

በዚህ ላይ ልብ የሚባል አንድ ነገር አለ። የሥራ መደቡ መጠሪያ አልተለወጠም። የሥራ ልምድ ማስረጃው "ኮሞዲቲ ኦፊሰር" እያለ ሲቪው "የመጋዘን ሱፐርቫይዘር" ካለ አጣሪው ሁለቱን ሲያመሳክር የሚያየው ልዩነት እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ገጽ ቢያምርም ዋጋ የለውም። ትክክለኛው መጠሪያ እንዳለ ተጽፎ ኃላፊነቱ ከጎኑ በሚገባ ቋንቋ ይገለጻል። በዕርዳታ ድርጅት ውስጥ ውል በፕሮጀክት በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ስለሚታደስም ሲቪው አምስት አጫጭር ሥራ የያዘ ይመስላል፤ አጣሪው ደግሞ ይህን ከሥራ ሥራ የሚዘል ሰው አድርጎ ያነበዋል። በአንድ ድርጅት ሥር የተከታተሉ ውሎች በአንድ ርዕስ ተጠቃለው ጠቅላላ ዓመቱ ሊጻፍ፣ ፕሮጀክቶቹም ከሥር ሊዘረዘሩ ይገባል።

ትርጉሙ ድንበር እንዳለው ማወቅም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ተረጂን "ደንበኛ"፣ ዕደላን "ሽያጭ" ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። የንግድ ድርጅት የመጋዘን ሰው የሚያውቃቸው፣ የዕርዳታ ሠራተኛ ግን ላይነካቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ፦ ከሽያጭ ደረሰኝ ጋር የተያያዘ ወጪ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የሸቀጥ የመግዣ ዋጋና ትርፍ ስሌት፣ በዱቤ የወጣ ዕቃ ክትትል። እነዚህን እንደሚያውቅ አስመስሎ የጻፈ ሰው የመጀመሪያው የቃለ መጠይቅ ጥያቄ ላይ ይጋለጣል። የሚሻለው የጎደለውን አውቆ አጭር የሂሳብ ወይም የታክስ ሥልጠና መውሰድና የወሰደውን መጻፍ ነው። ማስታወቂያውን ቃል በቃል ገልብጦ ሲቪ ውስጥ መለጠፍም እንደዚሁ ይታወቃል፤ ቁጥር የሌለው የማስታወቂያ ቃል ለአጣሪው ባዶ ማሚቶ ነው።

የሠራዊት ልምድ በብዙ ነገሩ ይመሳሰላል፤ ከባድ የሚያደርገው ግን ማዕረግና የክፍል ስም ሥራውን የሚሸፍኑት መሆኑ ነው። "ሃምሳ አለቃ፣ በሻለቃ ደረጃ የስንቅና ትጥቅ ክፍል" የሚለው በሠራዊቱ ውስጥ የሰውየውን ኃላፊነት በሙሉ ይናገራል። ከውጭ ያለ አጣሪ ግን ሻለቃ ስንት ሰው እንደሚይዝ አያውቅም፤ ሃምሳ አለቃም ምን እንደሚወስንና ለማን እንደሚታዘዝ አያውቅም። ስለዚህ ማዕረጉ በቦታው ሆኖ ከጎኑ መቅረብ ያለበት የሰው ብዛት፣ የንብረት ዓይነትና ብዛት፣ እንዲሁም የሚፈርምበት ሰነድ ነው። ስንት ሰው ይመግብ ነበር? ስንት ተሽከርካሪ በስሙ ነበር? ነዳጅ በቀን ስንት ሊትር አውጥቶ ያወራርድ ነበር?

በሰላም ማስከበር የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ለዚህ የሚጠቅም ልዩ ልምድ አላቸው፤ አብዛኞቹም አያስተውሉትም። የኢትዮጵያ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 ከተቋቋመው ከአብዬ ተልዕኮ መጀመሪያ ጀምሮ ለዓመታት ዋናውን ኃይል ይዘው አገልግለዋል። በተባበሩት መንግሥታት አሠራር ተልዕኮ ላይ ያለ ሠራዊት ይዞት የመጣው ተሽከርካሪ፣ ጄኔሬተርና የውኃ ማጣሪያ ሲገባ ይፈተሻል፤ ከዚያም በየጊዜው እየታየ መሥራት አለመሥራቱ ይመዘገባል። ንብረቱ የማይሠራ ሆኖ ከተገኘ ለአገሪቱ የሚከፈለው ክፍያ ይቀንሳል። በዚያ ውስጥ የሠራ መካኒክ መኪና ጠግኗል ብቻ አይባልም። የመለዋወጫ ዕቃ እጥረት ባለበት ቦታ የጥገና ዕቅድ እየያዘ፣ የውጭ ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን ተሽከርካሪዎቹን በሥራ ላይ አድርጎ ያቀረበ ሰው ነው። ለትራንስፖርት ኩባንያ ወይም ለግንባታ ድርጅት ይህ የተሽከርካሪ ጥገና ዕቅድና ዝግጁነት ክትትል ነው። "በአብዬ ግዳጁን በብቃት ተወጥቷል" ከሚለው ይልቅ "የ34 ተሽከርካሪዎችን የቅድመ መከላከል ጥገና መርሐ ግብር ይዞ በየጊዜው ለሚደረግ የውጭ ምርመራ አዘጋጅቷል" የሚለው በአጣሪው ዝርዝር ላይ ቦታ ያገኛል። የጦር መሣሪያ ዓይነት፣ የሠፈር ቦታ፣ የኃይል አሰላለፍና የመሰለው ሁሉ ግን ከሲቪ ውጭ ነው። ለሥራው አያስፈልግም፤ ምሥጢርም ነው።

ዲፕሎማ የሌለው የሠራዊት መካኒክ፣ ኤሌክትሪሺያን ወይም ወጥ ቤት ሲቪው የቱንም ያህል ቢያምር "የትምህርት ደረጃ" በሚለው መስመር ላይ ሊቆም ይችላል። ለዚህ የሚረዳው የሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው ነው። ሙያውን ትምህርት ቤት ያልተማረ በሥራ ያወቀ ሰውም ሊፈተንበት ይችላል፤ ያለፈበት የብቃት ማረጋገጫ ደግሞ አጣሪው ሊያመሳክረው የሚችል ወረቀት ነው።

በአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ ያገለገሉ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ከዚህ በከፊል የቀለለ መንገድ አላቸው። የአሜሪካ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት በሚደግፈው `O*NET OnLine` ድረ ገጽ ላይ የወታደራዊ ሙያ ኮድ፣ ለምሳሌ የንብረት አቅርቦት ሠራተኛውን `92Y` ወይም የጭነት መኪና ሾፌሩን `88M` ያስገባ ሰው ተቀራራቢ የሲቪል ሥራዎችን ከነተግባራቸው ያገኛል። ከባድ መኪና ለሁለት ዓመት የነዳ ወታደር ከሠራዊት በወጣ በአንድ ዓመት ውስጥ ካመለከተ የንግድ መንጃ ፈቃድ የተግባር ፈተና ሊቀርለት የሚችልበት ደንብም አለ፤ ይህ ቀን ካለፈ ግን ዕድሉ ያልፋል። ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ የሚሰጠው የሥራውን ስም ብቻ ነው። መጠኑንና ውጤቱን መጻፍ እዚያም የባለቤቱ ድርሻ ነው።

አንድ ሲቪ በትክክል መስተካከሉን ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። በዕርዳታም ሆነ በሠራዊት ሠርቶ ለማያውቅ ሰው፣ ቢቻል ሱቅ ወይም መጋዘን ለሚያስተዳድር ዘመድ፣ ስሙና የድርጅቱ መጠሪያ ተሸፍኖ ይሰጠው። አንብቦ ሲጨርስ ይህ ሰው ምን ይሠራ ነበር ተብሎ ይጠየቅ። "እህል ያድል ነበር" ካለ ሥራው አላለቀም። "ትልቅ መጋዘን ይዞ ብዙ መኪና ያሰማራ ነበር" ካለ አጣሪውም የሚያየው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ፈተና በማስታወቂያው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ተፈላጊ ነጥብ በእርሳስ ቁጥር ሰጥቶ ያው ቁጥር በሲቪው ላይ የት እንደሚያርፍ ማየት ነው። ማረፊያ ያጣ ቁጥር ወይ የተረሳ ልምድ ነው ወይ የሌለ ልምድ ነው። የተረሳው ይጻፋል፤ የሌለው ይተዋል። ከዝርዝሩ ግማሹ ማረፊያ ካጣ ደግሞ ማስታወቂያው ለዚያ ሰው አይደለምና ድካሙን ለሌላ መደብ ማቆየት ይሻላል።

ይህ ሁሉ በመጨረሻ የሚቆመው በሥራ ልምድ ማስረጃው ላይ ነው። የግል ኩባንያ ሲቪውን አንብቦ ሊጠራ ይችላል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን የሚቆጥረው ደብዳቤውን ነው፤ መንግሥታዊ ካልሆነ ድርጅት የመጣ ልምድ ከሆነም የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ በደብዳቤው ላይ እንዲገለጽ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። የዕርዳታ ድርጅቶች ደብዳቤ ደግሞ በአብዛኛው መጠሪያና ቀን ብቻ ይዞ የሚወጣ አንድ አንቀጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 አሠሪው ሠራተኛው ይሠራ የነበረውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። "የሥራ ዓይነት" የሚለው ውስጥ ዋና ዋና ተግባራቱ በዝርዝር እንዲገቡ ሠራተኛው ረቂቁን ራሱ አዘጋጅቶ ለቅርብ ኃላፊው ቢያቀርብ አብዛኛውን ጊዜ ይፈረምለታል፤ እውነት እስከሆነ ድረስ ኃላፊው የሚከለክልበት ምክንያት የለም። ፕሮጀክት ሲዘጋ ግን መጀመሪያ የሚሄደው ያ ኃላፊ ነው፤ ቢሮው ይመለሳል፣ ማኅተሙም ይሰበሰባል። ስለዚህ ደብዳቤው የሚጠየቀው ሥራ ፍለጋ ሲጀመር ሳይሆን ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ሳምንት ነው።